ለብዙ ሰው ቤተሰብ የልብስ አጠባ፦ በእጅ፣ በባለ ሁለት ገንዳ ማሽን ወይስ በአውቶማቲክ?

በምዕራብ ጎንደር ዞን በምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ በአብርሃ ጅራ ከተማ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ለመግዛት የሚያስብ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋን ነው። ከዋጋው በፊት ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ውሃው ወደ ቤት የሚገባው በምን መንገድ ነው? ቀኑን ሙሉ በቧንቧ ግፊት ኖሮት የሚመጣ ነው? በፈረቃ ሲለቀቅ በበርሜል የሚጠራቀም ነው? ወይስ በጀሪካን በአህያ ተጭኖ የሚደርስ ነው? በከፍተኛ ዋጋ የተገዛ አውቶማቲክ ማሽን በአንድ ቤት የዕለት ተዕለት ረዳት ሲሆን በሌላው ቤት የዕቃ ማስቀመጫ ጠረጴዛ ሆኖ የሚቀረው በአብዛኛው በዚህ ልዩነት ምክንያት ነው።

ይህ ጽሑፍ ሦስቱን የአጠባ መንገዶች፣ ማለትም የእጅ አጠባን፣ ባለ ሁለት ገንዳ ማሽንንና አውቶማቲክ ማሽንን በአንድ ቤተሰብ የሳምንት ልብስ ላይ አስልቶ ያነጻጽራል። ለስሌቱ እንዲያመች ዘጠኝ አባላት ያሉት ቤተሰብ እንውሰድ። አባትና ትልቁ ልጅ በእርሻ ሥራ ላይ ይውላሉ፤ አራት ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ አንድ ሕፃንና አንዲት አያትም በቤቱ አሉ፤ የቤቱን ሥራ በአብዛኛው የምትሸከመው እናት ናት። የዚህ ቤተሰብ የሳምንት ልብስ ደረቅ ሆኖ ሲመዘን 30 ኪሎ ግራም ያህል ነው እንበል፤ 6 ኪሎው አንሶላና የትራስ ልብስ፣ 12 ኪሎው የሥራ ልብስ፣ ቀሪው የልጆችና የቤት ልብስ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን መጠን ለማወቅ የሳምንቱን ልብስ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ በአቅራቢያው ባለ ሚዛን ማስመዘን ይችላል። በማሽን ላይ የሚጻፈው የኪሎ መጠንም የሚነገረው በደረቅ ልብስ ክብደት ስለሆነ ይህ ልኬት ለኋላው ግዢ ያገለግላል።

ውሃ የሚያልቀው ሲታጠብ ሳይሆን ሲለቀለቅ ነው

ልብስ በሚታጠብበት ጊዜ አብዛኛው ውሃ የሚወጣው ሳሙናውን ለማስለቀቅ ነው። ይህን የሚወስነው ደግሞ ልብሱ ወደ ንጹሕ ውሃ ከመግባቱ በፊት ምን ያህል እንደተጨመቀ ነው። አንድ ምሳሌ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። 5 ኪሎ ልብስ ሳይጨመቅ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ ከሳሙናው ሳፋ ወጥቶ 20 ሊትር ንጹሕ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ቢገባ 10 ሊትር ያህል የሳሙና ውሃ ይዞ ይገባል። በሳፋው ውስጥ ያለው ጠቅላላ ውሃ 30 ሊትር ይሆናል፤ ስለዚህ የቀድሞው ሳሙናና እድፍ አንድ ሦስተኛው ከልብሱ ጋር ይቀራል። በእጅ በደንብ የተጨመቀ ልብስ የሚይዘው ውሃ የራሱን ክብደት ያህል፣ ማለትም 5 ሊትር ስለሆነ የሚቀረው አንድ አምስተኛው ነው። በማሽን ተሽከርክሮ የተጨመቀ ልብስ ደግሞ ከክብደቱ ግማሽ ጥቂት በለጥ ያለ፣ 3 ሊትር ያህል ውሃ ብቻ ይይዛል፤ የሚቀረው አንድ ስምንተኛ ገደማ ነው።

ልዩነቱ በሁለተኛው ማለቅለቂያ ይሰፋል። ሳይጨመቅ ሁለት ጊዜ የተለቀለቀ ልብስ ከመጀመሪያው ሳሙና ዘጠነኛውን ይዞ ይቀራል፤ በእጅ የተጨመቀው ሃያ አምስተኛውን፤ በማሽን የተጨመቀው ስልሳኛ ገደማውን። በሦስቱም የፈሰሰው ንጹሕ ውሃ እኩል 40 ሊትር ነው። ደረቅ ሲሆን የሚገረጣ፣ የሚሻክርና የሚያሳክክ ልብስ ብዙ ጊዜ ችግሩ የሳሙና ማነስ ሳይሆን የጭመቃ ማነስ ነው። ይህን ያስተዋለ ሰው ባለ ሁለት ገንዳ ማሽን ላይ ያለችውን ትንሿን የመጭመቂያ ገንዳ የማድረቂያ መሣሪያ ብቻ አድርጎ አያያትም፤ ውሃ የምትቆጥበው እርሷ ናት።

በእጅ ማጠብ

የቤተሰባችን እናት 30ውን ኪሎ በስድስት ዙር፣ በየዙሩ 5 ኪሎ እያደረገች ታጥባለች እንበል። ለእያንዳንዱ ዙር አንድ ሳፋ የሳሙና ውሃና ሁለት ሳፋ ማለቅለቂያ፣ እያንዳንዱ 20 ሊትር ቢሆን በዙር 60፣ በጠቅላላው 360 ሊትር ያስፈልጋታል። ይህ ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን 18 ጊዜ መሙላት ማለት ነው። የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ውሃ ሳትደፋ ለሚቀጥለው ዙር የሳሙና ውሃ አድርጋ ብትጠቀምበት ግን ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ በየዙሩ 20 ሊትር ይቀንስላታል፤ ጠቅላላው 260 ሊትር ወይም 13 ጀሪካን ይሆናል። ጠንቃቃ እናቶች ይህን ስሌት ሳይጽፉት ከጥንት ጀምሮ ሲሠሩበት ኖረዋል።

የእጅ አጠባ ዋጋው በውሃው ላይ ሳይሆን በጉልበቱ ላይ ነው። 5 ኪሎ ልብስ ረጥቦ ከሳፋ ሲነሳ ከ10 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ሰው ጎንበስ እንዳለ ይህን በየዙሩ ሦስት ጊዜ ያነሳል፣ ይጨምቃልም። አንሶላና ጂንስ ሱሪ ብቻውን ለሆነ ሰው በደንብ መጭመቅ አይቻልም፤ አንዱ ከአንድ ወገን ሌላው ከሌላው ወገን ይዞ ማጣመም ይጠይቃል። በመጨረሻዎቹ ዙሮች ክንድ ሲደክም ጭመቃው ይላላል፤ ጭመቃው ሲላላ ማለቅለቂያው ይበዛል። ስለዚህ በወረቀት ላይ 13 የነበረው ጀሪካን በተግባር 18ንም ሊያልፍ ይችላል።

በእጅ ብቻ መታጠብ ያለባቸው ነገሮችም አሉ። በቆላው አካባቢ ወባ ስላለ በየቤቱ የሚገኘው በፀረ ተባይ መድኃኒት የተነከረ አጎበር በማሽን ሊታጠብ አይገባም። አጎበር በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና፣ ሳይፈተግና በረኪና ሳይነካው በሳፋ ታጥቦ በጥላ ሥር ይሰጣል። መድኃኒቱ የሚቋቋመው 20 ያህል እጥበት ስለሆነ ሳይቆሽሽ አዘውትሮ ማጠብ ዕድሜውን ያሳጥራል። እጣቢውም ወደ ወንዝና ወደ ኩሬ መፍሰስ የለበትም፤ መድኃኒቱ ለዓሣ መርዝ ነውና። የእጅ ፈትል ነጠላና ጥልፍ ያለበት የሐበሻ ቀሚስም በማሽን ሲሽከረከር ክሩ ይሳባል፣ ጥለቱም ይጨማደዳል፤ በሳፋ ተጨፍጭፎ ቢጨመቅ ይበጀዋል።

ልብስ ወንዝ ወርዶ ማጠብን በተመለከተ አንድ ነገር ሊታወቅ ይገባል። ቢልሃርዚያ የሚያስከትለው ተውሳክ ቀስ ብሎ በሚፈስ ወይም በሚቆም ውሃ ውስጥ ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ በእግርና በእጅ ቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ይገባል። ስለዚህ አንድ ሰዓት ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚያጥብ ሰው ውሃውን ባይጠጣም ይጋለጣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ በሽታውን ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውና ከዚያ የተነሣው ምርምር በዓለም የታወቀ ነው። በዚያ ታሪክ የሚታወሰው እንዶዱ ነው፤ ነገር ግን አጣቢዎቹ የቆሙበት ውሃም የበሽታው መተላለፊያ እንደነበር አብሮ ሊታወስ ይገባል። የወንዝ ውሃ መጠቀም ግድ ከሆነ ቀድቶ ወደ ቤት ወስዶ በተከደነ በርሜል ሁለት ቀን ማቆየት ይመረጣል፤ ተውሳኩ ቀንድ አውጣ በሌለበት ውሃ ከዚያ በላይ በሕይወት አይቆይም። በሚቀዳበት ጊዜ ግን ቀንድ አውጣ አብሮ እንዳይገባ ውሃውን በነጭ ጨርቅ ማጥለል ያስፈልጋል።

አውቶማቲክ ማሽን

አውቶማቲክ ማሽን ውሃ ያባክናል የሚለው ሐሳብ በከፊል ብቻ ትክክል ነው። በፊት ለፊት በር የሚከፈተው ዓይነት በአንድ ዙር 50 እስከ 60 ሊትር ይወስዳል። 30ው ኪሎ በአምስት ዙር ቢታጠብ ወደ 275 ሊትር፣ ማለትም 14 ጀሪካን ገደማ ነው፤ ከጠንቃቃ የእጅ አጠባ ብዙም አይርቅም። ከላይ የሚከፈተው አውቶማቲክ ግን ልብሱ እንዲንሳፈፍ ገንዳውን ስለሚሞላ በአንድ ዙር ከ100 ሊትር በላይ ይፈልጋል፤ ለዚሁ ልብስ 30 ጀሪካን ሊደርስ ይችላል። ሁለቱም በሱቅ ውስጥ አውቶማቲክ በሚል አንድ ስም ስለሚጠሩ ገዢው የትኛውን እንደሚወስድ ለይቶ ሊያውቅ ይገባዋል።

የአውቶማቲኩ ትልቁ ጥያቄ የውሃው ብዛት ሳይሆን ግፊቱ ነው። ማሽኑ ውሃ የሚያስገባው በኤሌክትሪክ በሚከፈት ቫልቭ ነው፤ ይህ ቫልቭ በትክክል እንዲሠራ ከበስተኋላው የሚገፋ ውሃ ያስፈልገዋል። የሚፈለገው ዝቅተኛ ግፊት በማሽኑ መግለጫ ላይ የሚጻፍ ሲሆን በብዙዎቹ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር ይደርሳል። ከማጠራቀሚያ የሚወርድ ውሃ በእያንዳንዱ ሜትር ከፍታ የሚያገኘው ግፊት 0.1 ባር ብቻ ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን ሮቶ የምንለው የውሃ ማጠራቀሚያ በ2 ሜትር የብረት ማማ ላይ ቢቀመጥና የማሽኑ የውሃ መግቢያ ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ቢል በመካከላቸው ያለው ልዩነት 1 ሜትር፣ ግፊቱም 0.1 ባር ነው። ይህ ማሽኑ ከሚፈልገው ሦስት እጥፍ እስከ አምስት እጥፍ ያንሳል። ማጠራቀሚያውን ከ4 እስከ 6 ሜትር ከፍ ማድረግ ወይም አነስተኛ የግፊት ፓምፕ መጨመር ችግሩን ይፈታል፤ ወጪው ግን ከማሽኑ ዋጋ ጋር አብሮ ሊታሰብ ይገባዋል።

ግፊት ያነሰው ማሽን የሚያሳየው ምልክት ይታወቃል። መታጠቢያው ይጀምራል፣ ውሃ የመግባት ቀጭን ድምፅ ለረጅም ጊዜ ይሰማል፣ ከበሮው ሳይዞር ይቆያል፤ በመጨረሻም ማሽኑ ይቆምና በመስኮቱ ላይ የስሕተት ምልክት ያወጣል። በኤልጂ ማሽኖች ላይ IE፣ በሳምሰንግ ላይ ደግሞ 4E ወይም 4C የሚል ይነበባል። ይህ ማሽኑ ተበላሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል። ባለሙያ ከመጥራት በፊት ቧንቧው መከፈቱንና በውሃ ማስገቢያው ጎማ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ወንፊት በደለል አለመደፈኗን ማየት ይገባል። ማሽን ከመግዛት በፊትም ቀላል ፍተሻ አለ፤ ማሽኑ የሚቀጠልበትን ቧንቧ ሙሉ በሙሉ ከፍቶ 10 ሊትር ባልዲ ለመሙላት የሚፈጀውን ጊዜ መቁጠር ነው። ከሁለት ደቂቃ በላይ ከፈጀ አውቶማቲክ ማሽን በዚያ ቧንቧ ላይ ሲቸገር ይኖራል። በሳሙና መሳቢያው በኩል ውሃ በጆግ እያፈሰሱ ማሽኑን ለማሳሳት የሚሞክሩም አሉ። አንዳንዴ ይሳካል፤ ነገር ግን ማሽኑ በየማለቅለቂያው ሰው እንዲጠብቀው ካደረገ አውቶማቲክነቱ የት ላይ ነው?

ሁለተኛው ጉዳይ ኤሌክትሪክ ነው። የፊት ለፊት ማሽን አንድ ዙር ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል፤ አምስት ዙር ሙሉ ቀን ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ቀን ልብሱ ውሃ ውስጥ፣ በሩ ተቆልፎ ይቆያል። በዚህ ጊዜ በሩን በኃይል መሳብ መያዣውን ይሰብራል፤ በማሽኑ ግርጌ ባለችው ትንሽ ክዳን ውስጥ ካለው ማጣሪያ በኩል ውሃውን ቀስ በቀስ ወደ ሳህን ማውረድና መቆለፊያው እስኪለቅ መጠበቅ ይገባል። መብራት ሲመለስ የሚፈጠረው የቮልቴጅ መዋዠቅም የማሽኑን ኤሌክትሮኒክ ካርድ ሊያቃጥል ስለሚችል መብራት እንደጠፋ ሶኬቱን መንቀል፣ ከተመለሰም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ይመከራል።

የኃይል ፍጆታውን የሚያበዛው ሞተሩ ሳይሆን ውሃ ማሞቂያው ነው። በ40 ዲግሪ የሚታጠብ አንድ ዙር 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ሲወስድ በቀዝቃዛ ውሃ የሚታጠበው አንድ አምስተኛውን እንኳ ላይደርስ ይችላል። በዚህ ረገድ ቆላው ለአጣቢው ያደላል። በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐይ ላይ የዋለ የማጠራቀሚያ ውሃ ያለ ማሞቂያ ለብ ያለ ነው። ስለዚህ ማሽኑን በቀዝቃዛ ውሃ መርሐ ግብር ማስጀመር እዚህ አጥጋቢ ውጤት ይሰጣል።

ባለ ሁለት ገንዳ ማሽን

ይህ ማሽን በአንድ ወገን ማጠቢያ፣ በሌላው ወገን ጠበብ ያለ መጭመቂያ ገንዳ አለው። በማጠቢያው ወለል ላይ ያለች ሳህን መሰል ማዞሪያ ውሃውን ወዲያና ወዲህ ታሽከረክራለች። ኤሌክትሮኒክ ካርድ፣ የውሃ ቫልቭ፣ ማሞቂያ የለውም፤ ያሉት ሁለት ሞተሮችና በእጅ የሚጠመዘዙ የደቂቃ መቁጠሪያዎች ናቸው። ውሃ በባልዲም በጎማም ቢገባበት ግድ የለውም፤ መብራት ቢጠፋም ክዳኑ ተከፍቶ ልብሱ ይወጣል፣ አጠባውም በእጅ ይቀጥላል።

የቤተሰባችንን 30 ኪሎ በአምስት ዙር፣ በየዙሩ 6 ኪሎ አድርገን እናጥበው። በማሽኑ ላይ 8 ኪሎ ተብሎ ቢጻፍም 6 ኪሎ መጫን ተገቢ ነው፤ ልብሱ በውሃው ውስጥ ሲገለባበጥ ካልታየ ከመጠን በላይ ተጭኗል ማለት ነው። ማጠቢያው በ50 ሊትር ውሃ ይሞላል፤ ዱቄት ሳሙናው ልብስ ከመግባቱ በፊት ይጨመርና ማሽኑ ለአንድ ደቂቃ ብቻውን ይዞራል። የሚታጠበው በንጽሕና ተራ ነው፤ መጀመሪያ አንሶላው፣ ቀጥሎ የትምህርት ቤት ልብስ፣ ከዚያ ሌላው የቤት ልብስ። ሦስቱም ዙር በአንድ የሳሙና ውሃ ይታጠባሉ። በየዙሩ ልብሱ ይዞ የሚወጣውን ለመተካት 10 ሊትር ውሃና ጥቂት ሳሙና ይጨመራል። እያንዳንዱ ዙር 10 ደቂቃ ይበቃዋል። እስካሁን የወጣው ውሃ 70 ሊትር ነው።

ከማጠቢያው የወጣው ልብስ ወደ መጭመቂያው ይሄዳል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ፤ የመጭመቂያው አቅም ከማጠቢያው ያንሳል። ስለዚህ 6 ኪሎው ሁለት ቦታ ተከፍሎ በየተራ ለሁለት ለሁለት ደቂቃ ይጨመቃል። ልብሱ በገንዳው ዙሪያ እኩል ተደልድሎ፣ የውስጧ የፕላስቲክ መክደኛ ከላይ ትደረግበታለች። ማሽኑ እየተንገጫገጨ ከቦታው መሄድ ከጀመረ ልብሱ በአንድ ወገን ተከምሯል ማለት ነው፤ አቁሞ መደልደል እንጂ ማሽኑን በእጅ ደግፎ መያዝ መፍትሔ አይደለም። ውሃ የማያስተላልፍ የሕፃን አንሶላና የፕላስቲክ ልብስ ፈጽሞ እዚያ መግባት የለበትም። ውሃውን በውስጡ አቁሮ ይይዝና ገንዳው በሙሉ ፍጥነት ሲሽከረከር ሚዛኑን ያስተዋል።

ማለቅለቂያው ከማሽኑ ውጭ፣ በሁለት ሳፋዎች ቢሆን ይሻላል። ሁለቱም በ30 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይሞላሉ። የተጨመቀው ልብስ በመጀመሪያው ይለቀለቃል፣ ይጨመቃል፣ በሁለተኛው ይደገማል፣ እንደገና ይጨመቃል። የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ የመጀመሪያው ሳፋ ውሃ ወደ በርሜል ይገለበጣል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ቦታ ይይዛል፤ ባዶው ሳፋ በንጹሕ ውሃ ተሞልቶ ሁለተኛ ይሆናል። በዚህ አካሄድ አምስቱ ዙሮች ለማለቅለቂያ የሚወስዱት 180 ሊትር ነው። በበርሜሉ የተጠራቀመው የሦስቱ ዙሮች ውሃ 90 ሊትር ይሆናል፤ ለሥራ ልብሶቹ መዘፍዘፊያና መታጠቢያ የሚውለውም እርሱ ነው። ጠቅላላው ንጹሕ ውሃ እንግዲህ 250 ሊትር፣ አሥራ ሁለት ጀሪካን ተኩል ነው።

ቁጥሩ ከእጅ አጠባው 13 ጀሪካን ጋር እኩል ሊባል የሚችል መሆኑን አንባቢ ልብ ይላል። ማሽኑ ከጠንቃቃ እጅ ይልቅ ውሃ አይቆጥብም። የሚቆጥበው ማሸትንና መጭመቅን ነው፤ ልብሱም የበለጠ ይጠራል። ሥራው ሰው አጠገቡ እንዲቆም ቢጠይቅም በሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ያልቃል፤ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ለአምስቱም ዙር ከ1 ኪሎ ዋት ሰዓት አይበልጥም። ትልልቅ ልጆችም ሊሠሩት ይችላሉ፤ ወንዶቹ ልጆች ከማሽኑ ጋር በቀላሉ መላመዳቸው በብዙ ቤት ይታያል፣ ይህም ራሱ ለእናትየዋ ዕረፍት ነው።

ይህ ሁሉ ስሌት የሚፈርሰው ልብሱ በማሽኑ ውስጥ እንዳለ ቧንቧ ከፍቶ ውሃው ሞልቶ እየፈሰሰ ሲለቀለቅ ነው። ብዙ የማሽን መመሪያዎች ይህን መንገድ ያሳያሉ። በደቂቃ 8 ሊትር ከሚሰጥ ቧንቧ ለ10 ደቂቃ ቢፈስ በአንድ ዙር 80፣ በአምስት ዙር 400 ሊትር ይሆናል። ውሃ በማይቋረጥበት አገር የተጻፈ ምክር ስለሆነ እዚህ ባይከተሉት ይሻላል።

ዋልካ አፈርና ሰሊጥ

የአካባቢው የሥራ ልብስ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጥቁሩ ዋልካ አፈር ሲረጥብ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ግን ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጭቃ የያዘ ሱሪ እርጥብ ሆኖ መታሸት የለበትም፤ ጭቃው ወደ ክሩ ውስጥ ይገባልና። በገመድ ላይ ይደርቅ፣ ይራገፍ፣ በብሩሽ ይጠረግ፤ ከዚያ በበርሜሉ ውሃ ያለ ሳሙና ለግማሽ ሰዓት ይዘፍዘፍ። የዚህ መዘፍዘፊያ ውሃ ቡናማ ሆኖ ሲደፋ ከማሽኑ ውስጥ ሊገባ የነበረው ደለል ነው። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው በፊት ለፊት ማሽን የበሩ ጎማ እጥፋት ውስጥ ጥቁር ዝቃጭ፣ በፓምፑ ማጣሪያ ውስጥም ጭቃ ያገኛል።

በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ኪስ ሁሉ መገልበጥ አለበት። የሰሊጥ ፍሬ በአውቶማቲኩ ከበሮ ቀዳዳዎች አልፎ ወደ ፓምፑ ይወርዳል፤ በባለ ሁለት ገንዳው ደግሞ ከማዞሪያዋ ሥር ይሰበሰባል። ማዞሪያዋ መንገጫገጭ ወይም መከርከር ስትጀምር ሶኬቱ ተነቅሎ በመካከሏ ያለው ቡሎን ይፈታና ተነሥታ ሥሯ ይጸዳል። በአጨዳ ወራት በየሁለት ሳምንቱ ይህን ማድረግ ከጥገና ወጪ ያድናል።

የጉድጓዱ ውሃ ሳሙና የማይቀበል ከሆነ፣ ማለትም አረፋ ከማውጣት ይልቅ በላዩ ነጭ ቅርፊት የሚሠራ ከሆነ ደረቅ ሳሙና ብዙ ያልቃል። እንዲህ ባለ ውሃ ዱቄት ሳሙና የተሻለ ይሠራል፤ ከተቻለም በክረምት ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚጠራቀም የዝናብ ውሃ ለልብስ ተመራጭ ነው።

የመጭመቂያው ጥቅም እንደ ወቅቱ ይለያያል። በበጋ በዚህ ሙቀት በእጅ የተጨመቀ ልብስም ቶሎ ስለሚደርቅ መጭመቂያው የሚያገለግለው በዋናነት ለማለቅለቂያው ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ሰማዩ በተዘጋበት ቀን የተሽከረከረ ልብስ በበረንዳ ሲደርቅ ያልተሽከረከረው ሸቶ ያድራል። በእነዚሁ ወራት እጣቢውን በግቢ መድፋትም ችግር አለው፤ ዋልካ ከረጠበ በኋላ ውሃ አይመጥም። ስለዚህ ፍሳሹ ከውሃ ጉድጓድ ርቆ በቦይ መወሰድ አለበት።

አደጋ ያለባቸው ሁለት ቦታዎች

የመጀመሪያው የመጭመቂያው ገንዳ ነው። ክዳኑ ሲነሣ ፍሬኑ ይዞ ገንዳው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ መቆም ይገባዋል። ክዳኑ ተነሥቶ መሽከርከሩን የሚቀጥል ማሽን ፍሬኑ ላልቷል፤ እስኪጠገን ድረስ አገልግሎት ላይ መዋል የለበትም። ልብስ በጣት ላይ ሲጠመጠም አጥንት ይሰብራልና ትንንሽ ልጆች ወደዚያ እንዳይቀርቡ ማድረግ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ኤሌክትሪኩ ነው። እርጥብ ወለል ላይ ባዶ እግር ቆሞ የብረት አካል ያለው ማሽን መንካት አደገኛ የሚሆነው የመሬት ሽቦ በሌለበት ቤት ነው። ባለ ሦስት እግር ሶኬት ግድግዳው ላይ መኖሩ ብቻውን ዋስትና አይደለም፤ ሦስተኛው ሽቦ በእርግጥ ወደ መሬት መቀበሩን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ያረጋግጥ። የማከፋፈያ ገመድም መሬት ላይ፣ ውሃ በሚደርስበት ቦታ አይዘርጋ። ምሽት ላይ ቮልቴጅ ሲወርድ ሞተሩ እያጉረመረመ ማዞሪያዋ ካልዞረች ወዲያውኑ ማጥፋት ያስፈልጋል፤ እንዲህ ሆኖ ደቂቃዎች ከቆየ ጥቅልሉ ይቃጠላል። በሙሉ ቮልቴጅም ቢሆን እያጉረመረመ የማይዞር ከሆነ፣ ማዞሪያዋ በእጅ ስትነካ ግን በነፃነት የምትዞር ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የሞተሩ ካፓሲተር ደክሟል። ርካሽ ዕቃ ነው፤ ሞተሩን ለመቀየር ከመስማማት በፊት እርሱ ይፈተሽ።

የትኛው ለየትኛው ቤት

ውሃ በፈረቃ ለሚመጣለትና ቧንቧው 10 ሊትሩን ባልዲ በሁለት ደቂቃ ለማይሞላለት ትልቅ ቤተሰብ ባለ ሁለት ገንዳው የተሻለ ምርጫ ነው። ማጠራቀሚያው ከፍ ብሎ የተሠራለት ወይም ፓምፕ ያለው፣ መብራቱም በአብዛኛው የማይቋረጥበት፣ በቤቱ የሚቆም ሰው የሌለው ቤተሰብ የፊት ለፊት አውቶማቲክ ቢገዛ ገንዘቡ አይባክንም። የሥራ ልብሱን ግን በሳፋ ዘፍዝፎ ደለሉን ከደፋ በኋላ ብቻ ያስገባ። ከላይ የሚከፈተው አውቶማቲክ ውሃ በጀሪካን ለሚገዛ ቤት አይመከርም። ለማሽን አቅሙ ያልደረሰ ቤተሰብ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሳፋ ገዝቶ ማለቅለቂያውን በተራ ቢያዞርና ትልልቁን ልብስ ሁለት ሆኖ ቢጨምቅ ከሳምንቱ 18 ጀሪካን አምስቱን ያተርፋል።